ማን ተጠየቀ? ከዚያስ ምን ተባለ?

በየትምህርት ቤቱ በሚሠራበት የክፍል ምልከታ ቅጽ ላይ አንድ የማይቀር ረድፍ አለ፤ አባባሉ ከቦታ ቦታ ይለያይ እንጂ መምህሩ ወንድና ሴት ተማሪዎችን በእኩል ያሳትፍ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ተመልካቹ ርዕሰ መምህርም ይሁን ሱፐርቫይዘር ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሦስት ልጃገረዶች ሲጠየቁ ካየ፣ «ከፍተኛ» ከሚለው ሥር ምልክት ያደርግና ወደሚቀጥለው ረድፍ ያልፋል። መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ስለቆየሁ ይህን ረድፍ ደጋግሜ ሞልቻለሁ፤ ሌሎች ሲሞሉትም አይቻለሁ። ዝቅተኛ ውጤት የተሰጠበት ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። ሥርዓተ ፆታን ያገናዘበ ማስተማር በሚል ስም የሚሰጠው ሥልጠናም ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው እዚሁ ላይ ነው፤ ሴቶችን ጠይቁ፣ አበረታቱ ይባላል። በዚህ ዳሰሳ ላነሣው የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ልጅቷ ተጠየቀች፣ መለሰችም፤ ከዚያስ?

ጉዳዩ ሲጠና የጀመረው በቆጠራ ነው። ማይራ እና ዴቪድ ሳድከር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከመቶ በላይ ክፍሎች ውስጥ ተመልካቾች አስቀምጠው ማን እንደሚናገር፣ መምህሩም ምን እንደሚመልስለት ሲመዘግቡ ቆዩ። ሳይፈቀድላቸው መልስ የሚጮኹ ወንዶች ከሴቶቹ በብዙ እጥፍ በልጠው ተገኙ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስገርመው የመምህሩ አቀባበል ነው፤ ወንዱ ሲጮህ መልሱ ይደመጥለታል፣ ሴቷ ስትጮህ ግን እጅሽን አውጪ ትባላለች። በእንግሊዝ አሊሰን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጋ ስትመረምር፣ መምህሩ ከተማሪዎች ጋር ከሚያደርገው ግንኙነት ለሴቶች የደረሳቸው 44 ከመቶ ገደማ ሆኖ አገኘችው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቀኑ፣ በየትምህርቱ፣ ለዓመታት የሚደጋገም መሆኑን ልብ ይሏል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ የዴል ስፔንደር ሥራ ነው። አውስትራሊያዊቷ ጸሐፊ ጊዜዋን ለሁለቱም እኩል ለማካፈል ቆርጣ ተነሥታ የራሷን ትምህርቶች በቴፕ ቀረጸች። ስታስተምር ለሴቶቹ ያደላች ሁሉ መስሏት ነበር። ቴፑ ሲቆጠር ግን ለሴቶች የሰጠችው ጊዜ በአማካይ 38 ከመቶ፣ ከፍተኛው ደግሞ 42 ከመቶ ሆነ። እንዲያም ሆኖ ወንዶቹ ተበደልን ብለው አጉረምርመዋል። በጉዳዩ ላይ ያመነችና የተዘጋጀች መምህርት እንኳ የራሷን ክፍል በስሜት መለካት ካልቻለች፣ ከኋላ ዴስክ የተቀመጠ ሱፐርቫይዘር በግምት የሚሞላው ረድፍ ምን ያህል እንደሚታመን መገመት አያዳግትም።

ቆጠራው ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሱዛን ጆንስና ካትሪን ዲንዲያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ጥቅል ትንተና መምህራን ወንዶችን በብዛት እንደሚያነጋግሩ ቢያረጋግጥም፣ ብልጫው ጎልቶ የታየው በተግሣጽና በነቀፋ በኩል ነው። በምስጋናና በማበረታታት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። «ብዙ ተናገሩት» ማለት «ብዙ አስተማሩት» ማለት አይደለም። ከኋላ ተቀምጦ በየአምስት ደቂቃው «አንተ፣ አርፈህ ተቀመጥ!» የሚባለው ልጅ በቆጠራ ወረቀት ላይ ብዙ ትኩረት ያገኘ ተማሪ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሚቆጥር ሰው ቢያንስ የሥርዓት ማስከበሪያውን ንግግር ከትምህርቱ ንግግር ለይቶ መመዝገብ አለበት። አለዚያ ስለ ወንዶቹም ስለ ሴቶቹም የሚደርስበት ድምዳሜ የተሳሳተ ነው።

ወደ እኛ ክፍሎች እንምጣ። ስልሳና ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ ጥያቄ ሲጥል «ቲቸር! ቲቸር! እኔ!» የሚለው ጩኸት ይነሣል፤ ከዴስኩ ብድግ የሚሉ፣ ጣታቸውን መምህሩ ፊት ድረስ የሚዘረጉም አሉ። ሱፐርቫይዘር ባለበት ቀን መምህሩ ትንሽ ያስብና «እስኪ ከሴቶች» ይላል። በዚያች ቅጽበት ጩኸቱ ጸጥ ይልና ክፍሉ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። አንዲት ልጅ ትነሣለች፤ ብዙ ጊዜም ከፊት ዴስክ የተቀመጠች፣ የደረጃ ተማሪ የሆነች ልጅ ናት። በሚቀጥለው «እስኪ ከሴቶች» የምትነሣውም እሷው ወይም ጎረቤቷ ናት።

ይህን ለማየት የሚረዳው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። ተመልካቹ ክፍሉ ከመጀመሩ በፊት ዴስኮቹን በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ በአራት ማዕዘን ይሥላል፣ በየዴስኩ የተቀመጡትን «ወ» እና «ሴ» እያለ ያሰፍራል። ከዚያ መምህሩ አንድን ተማሪ በጠየቀ ቁጥር በዚያ ተማሪ ቦታ ላይ አንድ ጭረት ያደርጋል። ተማሪው ሳይጠየቅ ከመለሰ ጭረቱን ይከብበዋል። በ40 ደቂቃው መጨረሻ የሚወጣው ካርታ በቅጹ ረድፍ ላይ የማይታየውን ያሳያል። የወንዶቹ ጭረት ከፊትም ከመሃልም ከጎንም ተበትኖ ሲታይ፣ የሴቶቹ ጭረት በሁለት ሦስት ልጆች ላይ ተከምሮ የተቀሩት ዴስኮች ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ድምሩ ተቀራራቢ ነው፤ ሥርጭቱ ግን ለየቅል ነው። መምህሩን «ሴቶችን ጠይቀሃል?» ብትሉት በእውነት «አዎ» ይላል። ወረቀቱን ስታሳዩት ዝም ብሎ ያየዋል። ማብራሪያ አይፈልግም፣ የሚከራከርበትም ነገር የለውም። እዚህ ላይ አካፋዩንም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ከስልሳው ተማሪ አርባው ሴቶች በሆኑበት ክፍል ግማሽ በግማሽ መጠየቅ እኩል ማሳተፍ አይደለም።

ጭረቱ ግን ማን እንደተጠየቀ እንጂ ምን እንደተባለ አይነግረንም። እኔ ዋናው ነገር አለ የምለው በዚህ ባልተመዘገበው ክፍል ነው። ለማሳያ በተለያዩ ክፍሎች ያየኋቸውን አንድ ላይ አድርጌ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላቅርብ።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ይጽፋል፦ የአንድ አራት ማዕዘን ሜዳ ዙሪያ 36 ሜትር ነው። ርዝመቱ የስፋቱ እጥፍ ነው። ስፋቱ ስንት ነው? ጥቂት ይጠብቅና «እስኪ ከሴቶች» ይላል። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «12» ትላለች። መምህሩ «አይደለም፣ ቁጭ በይ። ማን ይርዳት?» ይላል። ጩኸቱ ይነሣል፣ አንድ ልጅ ይመረጣል፣ «9» ይላል። ይህም ስሕተት ነው። አሁን ግን መምህሩ ጠመኔውን ከእጁ አያስቀምጥም። «ቆይ፣ 9 እንዴት መጣ?» ልጁ 36ን ለ4 እንዳካፈለ ይናገራል። «አራቱም ጎን እኩል ነው እንዴ?» «አይ፣ ሁለቱ ይረዝማሉ።» «በምን ያህል?» «በእጥፍ።» «እና ስፋቱን አንድ ብንል ዙሪያው ስንት ይሆናል?» ልጁ በጣቱ ይቆጥራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። «ስድስት!» «36 ለስድስት?» «6!» «ጎበዝ! ቁጭ በል።»

የምልከታ ቅጹ ስለዚህ ጥያቄ የሚያውቀው አንድ ሴት አንድ ወንድ መጠየቃቸውን ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከየት ይመጣል? አሁን ሁለቱን ስሕተቶች ተመልከቱ። ልጁ የርዝመትንና የስፋትን ልዩነት ጨርሶ ረስቶ ሜዳውን ካሬ አድርጎታል። ልጅቷ ግን ስፋቱን አንድ፣ ርዝመቱን ሁለት ብላ ሦስት እጅ መሆኑን ደርሳበታለች፤ 36ን ለ3 አካፍላ 12 አገኘች። የረሳችው ሜዳው ሲዞር እያንዳንዱ ጎን ሁለት ጊዜ እንደሚመጣ ብቻ ነው። ከትክክለኛው መልስ የነበረባት ርቀት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ሜዳውን ዞረን ስንመለስ ርዝመቱን ስንት ጊዜ እንሄዳለን?» ይህ ጥያቄ አልተጠየቀም። ከልጁ ይልቅ የቀረበችው እሷ እንደነበረች መምህሩም፣ ክፍሉም፣ እሷም አላወቁም። እሷ ይዛ የሄደችው መሳሳቷንና ወንድ ሊረዳት መነሣቱን ነው።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ብዙዎቹ «ቁጭ በይ» የሚሉት ለልጅቷ አዝነው ነው፤ በሰው ፊት ቆማ እንዳትሸማቀቅ ቶሎ ሊገላግሏት ይፈልጋሉ። ወንዱን ግን ይቻለዋል ብለው ያፋጥጡታል። በአሳቢነት የተደረገው ነገር በመጨረሻ የሚያስገኘው ውጤት ይህ ነው፦ አንዱ እንዲያስብ ይገደዳል፣ ሌላዋ ከማሰብ ትገላገላለች። ሳድከሮችም የመምህራንን ምላሽ በአራት ከፍለው ነበር፤ ማመስገን፣ መቀበል፣ ማረምና መንቀፍ። ከሁሉም በላይ የበዛው «እሺ» ብሎ ማለፍ ነበር፤ ከግማሽ በላይ። ተማሪን የሚያስተምረው ግን ሦስተኛው፣ ስሕተቱን ይዞ አብሮ መሄድ ነው።

ስለ ግብረ መልስ ሲነሣ ካሮል ድዌክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት ጥናት ሳይጠቀስ አይታለፍም። በአሜሪካ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሲከታተሉ፣ ወንዶች ከሚደርስባቸው ነቀፋ ብዙው ስለ ጠባያቸውና ስለ ሥራቸው አለመጽዳት እንጂ ስለ መልሳቸው ዕውቀት እንዳልሆነ አዩ። ሴቶች ግን ሲነቀፉ በአብዛኛው የሚነቀፉት ስለ መልሳቸው ነው። ወንዱ ሲወድቅ መምህሩ ምክንያቱን በአለመትጋት ያስረዳል። በዚህ ላይ የተመሠረተው ማብራሪያ ቀላል ነው፤ ወንዱ ነቀፋን «ስላልሞከርኩ ነው» ብሎ ሲያልፈው፣ ሴቷ «ስለማልችል ነው» ብላ ትቀበለዋለች። ጥናቱ የተሠራው በጥቂት ክፍሎች ስለሆነ ወደየትም አገር እንዳለ መውሰድ አይገባም። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ስቀመጥ በጆሮዬ እጠቀምበታለሁ፤ «ብትሠራ እኮ ትችላለህ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለማን ሲባል እንደምሰማ እመዘግባለሁ። ለሴት ተማሪ ሲባል የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። ትጋቷ አስቀድሞ የታመነ ነው፤ ያንን ካመኑ በኋላ ስትሳሳት የሚተርፈው ማብራሪያ አንድ ብቻ ነው።

ምስጋናም ያው ነው። የእኛ ክፍሎች ጭብጨባ ይወዳሉ። አንዲት ልጅ የቀደመውን ትምህርት ርዕስ ካስታወሰች «አጨብጭቡላት!» ይባላል፤ ክፍሉ በአንድ ምት ያጨበጭባል። ወንዱ ያንኑ ቢመልስ «ጥሩ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጭብጨባ ደስ ያሰኛል፤ መምህሩም ሴቶችን እያበረታታሁ ነው ብሎ ያምናል። ቀላል ነገር ስለመለሰች የተጨበጨበላት ልጅ ግን ምን ይጠበቅባት እንደነበር ከጭብጨባው ትረዳለች። ልጆች ይህን ለመተርጎም ማንም አያስተምራቸውም። እኔ ጭብጨባው ይቅር አልልም። ለማን እንደሚጨበጨብ ሳይሆን ለምን ዓይነት መልስ እንደሚጨበጨብ ክፍሉ እንዲያውቅ ግን እፈልጋለሁ። «ስፋቱን አንድ፣ ርዝመቱን ሁለት ብለሽ መነሣትሽ ትክክል ነው» የሚለው ምስጋና 12 ለሚለው የተሳሳተ መልስም ይሰጣል፤ ከጭብጨባው ይልቅ የሚጠቅማትም እሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በጥናት የተደገፉት መፍትሔዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዳቸውም ውድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዝምታ ነው። ሜሪ በድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሳይንስ ትምህርቶችን ቀርጻ ስታዳምጥ፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አገኘች። ያንን ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያደርሱት መልሶቹ ረዘሙ፣ «አላውቅም» ቀነሰ፣ ቀድሞ የማይናገሩ ተማሪዎችም መናገር ጀመሩ። በእኛ ክፍል ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ማለት «ቲቸር እኔ!» የሚለውን ጩኸት ሦስት ሰከንድ መቻል ማለት ነው፤ ይህ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ከመጠበቅ በፊት መዋቀር ያለበት ደንብ አለ፤ ሁሉም መልሱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ እጅ የሚወጣው መምህሩ «አሁን» ሲል ነው። ጩኸት ሲቀር የሚጠቀሙት ሴቶቹ ብቻ አይደሉም። ከኋላ ተደብቆ የሚቀመጠው ዝምተኛ ወንድም ብቅ ይላል።

ሁለተኛው እጅ ያላወጣውን መጠየቅ ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ይፈሩታል፤ ዓይን አፋሯን ልጅ ማስጨነቅ ይመስላቸዋል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዳሊሞርና የባልደረቦቿ ጥናት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። መምህሩ እጅ ያላወጡትን ደጋግሞ በሚጠይቅበት ክፍል ሴቶች በፈቃዳቸው የሚመልሱት መጠን ከወንዶቹ ጋር ተስተካከለ፤ ይህ በማይደረግበት ክፍል ግን ወንዶቹ በለጡ። ልዩነቱን የሚያመጣው አጠያየቁ ነው ብዬ አምናለሁ። ያለ ዝግጅት «አንቺ፣ ተነሺ!» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከጎረቤቷ ጋር ሁለት ደቂቃ ከተነጋገሩ በኋላ «እናንተ ዴስክ ላይ ምን ተባለ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ሁለተኛው አጠያየቅ ስትሳሳትም መልሱ የዴስኩ እንጂ የእሷ ብቻ አይሆንም። «እስኪ ከሴቶች» የሚለውን ግን መተው ይሻላል። ሴቷን የክፍሉ እንግዳ ያስመስላታል። ስሞችን በወረቀት ጽፎ በዕጣ ማውጣት ያንኑ ሥራ ሳይጮህ ይሠራል።

በዚህ ዘርፍ በአፍሪካ በብዛት የሚሠራበት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው የአፍሪካ ሴት የትምህርት ባለሙያዎች ፎረም፣ ፋዌ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ነው። የትምህርት ዕቅድን፣ ማስተማሪያ ቁሳቁስን፣ የክፍል አቀማመጥን፣ ቋንቋን ሁሉ ይነካል። ጠቃሚ ሰነድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉን ስለሚዳስስ መምህሩ ከየት እንደሚጀምር ይቸግረዋል፣ በመጨረሻም ቀላሉን ይመርጣል፤ ወንድና ሴትን አንድ ዴስክ ላይ ያስቀምጣል። አቀማመጥ ብቻውን ብዙ አይለውጥም። በቡድን ሥራ ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አምስት ተማሪዎች ተደባልቀው ይቀመጣሉ፣ ሰብሳቢው ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሴት ትሆናለች፤ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ነው ይባላል። ሌሎቹ ሲከራከሩ እሷ ትጽፋለች፣ ሲቀርብ ደግሞ ሰብሳቢው ያነብላታል። ሚናው በየሳምንቱ ካልተቀያየረ፣ አቅራቢውም ከውይይቱ በኋላ በዕጣ ካልተመረጠ፣ መደባለቁ ያው የድሮውን ክፍል በትንሹ መድገም ነው።

አንድ እውነተኛ ገደብ አለ፤ በአሠልጣኞች ዘንድ ብዙም አይነገርም። ከላይ እንዳየነው ልጁን ከ9 ወደ 6 ያደረሰው ንግግር ቢያንስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ እንዲህ ያለ ጭውውት ቢበዛ ከአሥር ተማሪዎች ጋር ነው የሚቻለው። በሳምንት ውስጥ እያንዳንዱን ተማሪ ማዳረስ ሒሳቡ አይፈቅድም። «ሁሉንም አሳትፉ» የሚለው መመሪያ መምህሩን ወደ አጫጭር ጥያቄዎች የሚገፋውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ስም ለመንካት ሲል «አዎ» እና «አይደለም» የሚያስመልሱ ጥያቄዎችን ያበዛል። ምርጫ ካለ እኔ ጥቂቶችን በደንብ መጠየቅን እመርጣለሁ፤ እነዚያ ጥቂቶች ማን እንደሆኑ በካርታው እየተመዘገበ ሳምንት ለሳምንት እስከተለዋወጡ ድረስ።

የተቀረው ሥራ ደብተር ላይ ነው። እዚያም ያለው ሁኔታ አያስደስትም። ሰባ ደብተር የተከመረበት መምህር የራይት ምልክት ያደርጋል፣ «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። ጊዜ አግኝቶ አንዳንድ ቃል ሲጨምር ለሴቶቹ ስለ ጽሑፋቸው ንጽሕና፣ ለወንዶቹ ስለ አሠራሩ ሲጽፍ ያየሁባቸው ደብተሮች አሉ። ሰባውን ሁሉ በዝርዝር ማረም አይቻልም፤ ከእያንዳንዱ የቤት ሥራ አምስት ደብተር ብቻ መርጦ ማረም ግን ይቻላል። በመጀመሪያው ዙር ካርታው ላይ ምንም ጭረት የሌለባቸው ዴስኮች ይመረጣሉ። በተሳሳተው መስመር ላይ መስቀል ሳይሆን ጥያቄ ይጻፋል። 36ን ለ3 አካፍላ 12 ለጻፈችው ልጅ፣ ከ3 ቁጥሩ ጎን፦ «ይህ የሜዳው ዙሪያ ነው ወይስ ግማሹ? ሥለሽ አሳይኝ።» በማግስቱ ደብተሯን ይዛ ስትመጣ የሚታየው ሥዕሉ ነው፤ በአራቱም ጎን ቁጥር ጽፋ ከሆነ፣ ለክፍሉ በሰሌዳ ላይ ማስረዳት የምትችል ተማሪ ተገኝታለች።